አንድ ጫላ፣ ሦስት ፋይል

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ወጥቶ ገፈርሳ የደረሰ ነጋዴ የሚያውቀው አንድ መልስ አለ። ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቷል፣ ግብሩ ተከፍሏል፣ ወረፋው ደርሷል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ አንድ ጊዜ መታወቂያውን አንድ ጊዜ ስክሪኑን ታይና «ወንድሜ፣ ስምህ አይገናኝም፤ አስተካክለህ ና» ትላለች። የት ሄዶ እንደሚያስተካክል፣ የትኛው እንደተሳሳተ፣ የትኛው ፊደል ላይ እንደሆነ አትናገርም። ብዙ ጊዜ እሷም አታውቀውም። ስክሪኑ ያላት ሁለቱ አንድ አይደሉም ብቻ ነው።

ይህ ችግር በመላ አገሪቱ አለ። አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች ላይ ግን፣ ማለትም ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሁሉ ላይ፣ የተለየ መልክ አለው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ወረቀቷን በአማርኛ ትጽፋለች፣ ኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ትጽፋለች፣ የፌዴራል ሲስተሞች ደግሞ ስሙን በእንግሊዝኛ አጻጻፍም ይይዙታል። ገፈርሳ ሦስቱም የሚገናኙበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጥቶ የሱቅ ኪራይ ሲወደድበት ወደ ገፈርሳ የዞረ ሰው ሦስቱንም በአንድ ቦርሳ ይዞ ይዞራል።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ፤ ሰውየው የተፈጠረ ነው፣ አጻጻፎቹ ግን የየዕለት ናቸው። የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ሰው አለ። ስሙ ጫላ ጨመዳ ጉታ ይሁን። የቀበሌ መታወቂያው ላይ በቁቤ Caalaa Camadaa Guutaa ተብሎ ተጽፏል። ከዓመታት በፊት ቲን ነምበር ሲያወጣ ጸሐፊው የሰማውን በእንግሊዝኛ Chala Chemeda Guta ብሎ አስገባው። ፋይዳ ሲመዘገብ ደግሞ የያዘው ማስረጃ የቀበሌ መታወቂያው ስለነበር መዝጋቢው ከዚያ ላይ ገልብጦ ጻፈው፤ በአማርኛው መስመር ላይ ግን «ጫላ ጨመዳ» ተባለ። ሦስቱም ልክ ናቸው። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አላጭበረበረም፣ ጫላም አንድ ፊደል በእጁ አልጻፈም። በአፉ ነው የተናገረው፤ የጻፉት ሦስት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ነገሩን «የስፔሊንግ ስህተት» ብሎ ያልፈዋልና። ስህተት አይደለም። በቁቤ c የሚለው ፊደል «ጭ» ነው፣ ch ደግሞ «ች» ነው። ስለዚህ ቁቤ የሚያነብ ሰው Chala የሚለውን ሲያይ «ቻላ» ብሎ ያነበዋል። እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ሰው ደግሞ Caalaa የሚለውን ሲያይ «ካላ» ይላል። x በቁቤ «ጥ» ነው፣ q «ቅ» ነው፤ የረዘመ አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ የጠበቀ ተነባቢም ይደገማል። ዓለም Kenenisa Bekele ብሎ የሚያውቀው ሯጭ በቁቤ Qananiisaa Baqqalaa ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል እንኳ አይገናኝም። Derartu Tulu ደግሞ Daraartuu Tulluu ነች። ሁለት የተሟሉ የአጻጻፍ ሥርዓቶች አንድ ዓይነት ፊደል ተውሰው ለተለያየ ድምፅ ያውሉታል። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም «ላቲን» ብሎ ያያቸውና እንደ አንድ ጽሑፍ ያወዳድራቸዋል። ውድድሩ ሲጀመር ያለቀ ነው።

አማርኛውም ከዚህ ነጻ አይደለም። ፀሐይ የሚባል ስም ቢወሰድ ፀ ወይም ጸ ተብሎ ሊጀምር ይችላል፤ ቀጥሎ ያለው ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሁለት በስድስት ሲባዛ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ይወጣል፤ አሥራ ሁለቱም ሲነበቡ አንድ ናቸው። ለሰው ጆሮ ልዩነት የለም። ለኮምፒውተር ግን ጸ ቁጥሩ U+1338 ነው፣ ፀ ደግሞ U+1340 ነው፤ በእሱ ዘንድ በ«ለ» እና በ«መ» መካከል ካለው ልዩነት አያንስም። ኃይሌ፣ ዓለሙ፣ ሥላሴ፣ ሠናይት የሚባሉ ሰዎች ሁሉ ይህን ዕዳ ሳያውቁት ተሸክመው ይዞራሉ። ገብረ ማርያም ተለያይቶ ወይስ ተያይዞ ይጻፍ የሚለው ሲጨመርበትማ አንዱ ሲስተም «ማርያም»ን የአባት ስም አድርጎ ሲይዘው ይገኛል።

እንግዲህ ወደ ጫላ ገንዘብ። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት፣ አዋጁ በ2017 እስኪሻሻል ድረስ፣ ድርጅቶች ከአንድ አቅራቢ ከ10,000 ብር በላይ የሆነ ዕቃ ሲገዙ ሁለት በመቶ ቅድመ ግብር ቀንሰው ያስቀሩ፣ ለግብር ሰብሳቢውም ያስገቡ ነበር። ጫላ ያኔ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስት ድርጅቶች በርና መስኮት ሠርቶ ከእያንዳንዳቸው 400,000 ብር ተቀበለ ይባል። ከእያንዳንዱ ክፍያ 8,000 ብር ተቀነሰ፤ ባጠቃላይ 24,000 ብር። የዓመቱ ግብሩ ሲሰላ 15,000 ብር ሆነ። ሕጉ የሚለው ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የተቀነሰው ይቀናነስለታል፣ የተረፈው 9,000 ብርም የእሱ ነው።

አሁን ደረሰኞቹ ይታዩ። ሁለቱ ድርጅቶች ስሙን ከንግድ ፈቃዱ ላይ ወስደው Chala ብለው ጽፈዋል። ሦስተኛው ድርጅት «ፋይዳህን አምጣ» ብሎ ከዚያ ላይ Caalaa ብሎ ጻፈ። ቲን ነምበሩ ግን በሦስቱም ላይ አንድ ነው። ሠራተኛዋ ሁለቱን ተቀብላ ሦስተኛውን ብትመልሰው 8,000 ብር ይጠፋበታል። ከዚህ የከፋው፣ የተመላሽ ጥያቄውን ራሱን «የጠያቂው መታወቂያ ከግብር ፋይሉ ጋር አይገናኝም» ብላ ብትመልሰው ነው። ያኔ ጫላ 15,000 ብር ከኪሱ እንዲከፍል ይጠየቃል፣ የተቀነሰበት 24,000 ብርም እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። ለአንድ ብየዳ ቤት ይህ የአንድ ዙር ላሜራና ቱቦላሬ መግዣ ነው።

ሌላም ጎን አለ፤ ብዙዎች የማይጠብቁት። በዚሁ አዋጅ መሠረት አቅራቢው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ካላቀረበ ገዢው የሚያስቀረው ሁለት በመቶ ሳይሆን ሠላሳ በመቶ ነበር። ጥንቁቅ የሆነ የድርጅት ሒሳብ ሹም መታወቂያው ላይ አንድ ስም፣ የቲን ወረቀቱ ላይ ሌላ አጻጻፍ ሲያይ «ይህ ቁጥር የአንተ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ቢል የሚፈርድበት የለም። ከ400,000 ብር ሠላሳ በመቶ 120,000 ብር ነው። ፊደል ላይ የተጀመረው ነገር እዚህ ሲደርስ የሰው መነሻ ካፒታል ይሆናል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የተለመደው መልስ «የሠራተኛዋ ግትርነት» የሚል ነው፤ ይህ መልስ ግን ሰነፍ መልስ ነው። ሠራተኛዋ የማታውቀውን ሰው ገንዘብ እንዲወጣ የምትፈርመው በራሷ ስም ነው። አገሪቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ያላቸው ሰዎች አሉ፤ በሌላ ሰው ስም ገንዘብ ለመውሰድ የሚሞክርም አይጠፋም። ብትሳሳት የምትጠየቀው እሷ ናት፤ ሰውን ያላግባብ ብትመልስ ግን የሚጠይቃት የለም። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው «አስተካክለህ ና» ማለትን ይመርጣል። ሚዛኑን ያስቀመጠው ከእሷ በላይ ያለው ነው።

ክርክሩ መሆን ያለበት እዚህ ላይ ነው፦ መንግሥት ሰውን የሚያውቀው በምንድን ነው? በፊደል ከሆነ ፋይዳ ለምን አስፈለገ? በ2015 በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው ሥርዓት የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና ፎቶ ይወስዳል፤ ለአንድ ሰው አንድ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። የግብር መሥሪያ ቤቱም በበኩሉ ቲን ነምበር ሲሰጥ ለዓመታት አሻራ ሲወስድ ኖሯል። የጫላ ጣት በሁለቱም ቤት አለ። ጣቱ ራሱ እየመሰከረለት፣ «ጨ» የምትባለውን ድምፅ በ c ወይስ በ ch ትጻፍ ተብሎ የሚመለስበት ምክንያት አይታይም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማል፤ ፍጹም ስለሆኑ አይደለም። ህንድ የግብር ከፋይ ካርዷን ከብሔራዊ መታወቂያዋ ጋር ስታገናኝ የስም አለመገናኘት በሚሊዮኖች ላይ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ እሷም ብዙ ፊደልና ብዙ ቋንቋ ያላት አገር ናት። ያወጣችው ደንብ እንዲህ የሚል ነበር፦ የትውልድ ቀንና ጾታ በትክክል መገናኘት አለባቸው፤ ስሙ ላይ ያለው ልዩነት ጥቂት ከሆነ ለባለቤቱ በተመዘገበ ስልኩ የማረጋገጫ ቁጥር ይላክለታል፣ እሱን ካስገባ ይያያዝለታል። ስሙ ጨርሶ ሌላ ከሆነ ብቻ ነው ሂድና አስተካክል የሚባለው። «ጥቂት ልዩነት» እና «ሌላ ስም» የተባሉት ተለያይተዋል ማለት ነው። ገፈርሳ ላይ ሁለቱ አንድ ሆነው ነው የሚታዩት።

አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያንም የራሳቸውን መከራ ያውቁታል። እዚያ የግብር መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ በኢንተርኔት ሲላክለት የሚያመሳክረው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ከመጨረሻ ስም የመጀመሪያ አራት ፊደላት ጋር ነው። የአባቱ ስም ገብረ ማርያም የሆነ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቡ ላይ Gebremariam ተብሎ ተያይዞ ተመዝግቦ ከሆነ የሚጠበቀው GEBR ነው። እሱ ግን Gebre የሚለውን የመሀል ስም፣ Mariam የሚለውን የመጨረሻ ስም አድርጎ ከሞላ የሚነበበው MARI ነው፤ ማስታወቂያው R0000-500-01 የሚል የመልስ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ያናድዳል። ነገር ግን መልሱ ራሱ የትኛው ቦታ ላይ እንዳልተገናኘ ይነግረዋል፤ ካርዱን አውጥቶ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ሞልቶ ያንኑ ቀን መልሶ ይልከዋል፣ አለበለዚያም በወረቀት ያስገባል። የአገር ቤቱ «አይገናኝም» የሚጎድለው ይህ ነው። ምኑ ከምኑ እንደማይገናኝ ቢነገር ግማሹ ጉዳይ እዚያው መስኮት ላይ ያልቅ ነበር።

የቴክኒክ መፍትሔው ይህን ያህል የራቀ አይደለም። የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚሠሩ ባለሙያዎች ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሶ ማወዳደርን ከለመዱት ቆይተዋል። መዝገቡ አይነካም፤ የሰውየው ስም እንደጻፈው ይቀመጣል፣ ለማወዳደር ብቻ ድምፁ አንድ የሆነው ፊደል አንድ ይደረጋል። ለቁቤውም እንዲሁ ይቻላል። የተደገመውን አናባቢ አንድ ማድረግ፣ c የሚለውን ወደ ch፣ x የሚለውን ወደ t፣ q የሚለውን ወደ k መመለስ። በዚህ መንገድ Guutaa እና Guta፣ Caalaa እና Chala ፍጹም አንድ ይሆናሉ። Camadaa ደግሞ Chamada ይሆናል፤ ከ Chemeda ጋር ሁለት አናባቢ ብቻ ይለያዋል። እዚህ ላይ ማሽኑ «አንድ ናቸው» ብሎ መወሰን የለበትም። «ይቀራረባሉ፤ አሻራ ይታይ» ብሎ ለሰው ይስጥ። አሻራው ከተገናኘ ሠራተኛዋ የምትፈርመው በግምት አይሆንም።

ገደብ አለው፤ ይህም በግልጽ መነገር አለበት። በስም መቀራረብ ብቻ ገንዘብ መመለስ አደገኛ ነው። ጫላ ጨመዳ የሚባል ሌላ ሰው ቡራዩ ውስጥ ላለመኖሩ ማንም ዋስ አይሆንም። የትውልድ ቀንም ብዙ ሰው በሚያስበው መጠን አስተማማኝ አይደለም፤ አንዱ ቢሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ይመዘግበዋልና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት በአንድ ሰው ላይ ይታያል። ስለዚህ ፊደል ላይ መላላት የሚቻለው ቁጥሩና አሻራው ላይ መጥበቅ ሲቻል ነው። አሻራ ሳያዩ «ምንም አይደል፣ ይለፍ» የሚል ቢሮ ከግትሩ ቢሮ የባሰ ነው።

ያ እስኪሆን ጫላ ምን ያድርግ? መጀመሪያ መለየት ያለበት የልዩነቱን ዓይነት ነው። ልዩነቱ የአጻጻፍ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የአያት ስም ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጨርሶ ሌላ ስም ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ወረቀት ላይ የክርስትና ስም፣ ሌላው ላይ የቤት ስም እንደሚባለው። ይህን ለማወቅ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ፊደል በፊደል ማየት ይገባል፤ ካርዱን ብቻ ሳይሆን የግብር መሥሪያ ቤቱ ስክሪን ላይ ያለውን። የቲን ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው እና ሲስተሙ ውስጥ ያለው ራሱ የሚለያዩበት ጊዜ አለ። «ስክሪኑ ላይ እንዳለው አንብቢልኝ፣ እኔም ልጻፈው» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የመጨረሻው ዓይነት፣ ሌላ ስም የሆነው፣ ብዙ ጊዜ የፍርድ ቤት ወረቀት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ግን ሊፈልግ አይገባም፤ እዚያም ላይ «ፍርድ ቤት ሂድ» የሚል ካለ በምን መመሪያ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ይስተካከል የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው የተናደደበትን መሥሪያ ቤት ወረቀት ትቶ የቀለለውን ለማስተካከል ይሮጣል፤ ፋይዳውን በግብር ፋይሉ ልክ ያስቀይርና በሳምንቱ ባንክ ላይ ይያዛል። ባንኩም ሌላውም አገልግሎት እየተያያዘ ያለው ከፋይዳ ጋር ስለሆነ የሚሻለው የግብር መዝገቡን ወደ ፋይዳው ማምጣት ነው። ከዚህ የሚለየው ፋይዳው ራሱ ከሁሉም ተለይቶ ሲቆም ነው፤ የትምህርት ማስረጃው፣ ፓስፖርቱና የቤት ካርታው ሁሉ አንድ ሆነው ፋይዳው ብቻ ሌላ ከሆነ መታረም ያለበት እሱ ነው። ጫላ በቁቤ የተጻፈ ስሙን ይወደው ይሆናል፤ መብቱም ነው። ያኔ የግብር መዝገቡ Caalaa ይባል፣ ንግድ ፈቃዱም ይከተል። ትዕዛዙ መጠበቅ አለበት፤ መጀመሪያ የግብር መዝገቡ፣ ከዚያ የንግድ ምዝገባው፣ ከዚያ ደረሰኝ። ደረሰኙን ቀድሞ በአዲሱ አጻጻፍ ያሳተመ ሰው ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል።

ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን። በ2008 የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የተመዘገበ ሰው ስሙ ወይም አድራሻው ሲለወጥ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ግዴታው የግብር ከፋዩ ከሆነ፣ የተጻፈውን ተቀብሎ መዝገቡን ማረም የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ነው። በቃል የተነገረ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም፤ ማህተም የተመታበት ቅጂ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሠራተኛዋ ብትቀየርም ይናገራል።

አንድ ነገር ብቻ በፍጹም አይደረግ፦ አዲስ ቲን ነምበር ማውጣት። አቋራጭ ነው ተብሎ ይመከራል፤ «አዲስ አውጣና ተገላገል» የሚል የሠፈር ባለሙያ አይጠፋም። በሕጉ አንድ ሰው የሚኖረው አንድ መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሁለት መያዝ በወንጀል ያስጠይቃል። እስከዚያ ድረስ የፊደል ጉዳይ የነበረው ነገር የዚያን ቀን የማጭበርበር ጉዳይ ይሆናል። ያ የ24,000 ብር ቅድመ ግብርም በአሮጌው ቁጥር ስለተመዘገበ በአዲሱ ፋይል ላይ የለም።

ያስገቡትን ሦስት ደረሰኞች በተመለከተ፣ የተመለሰው ሦስተኛው ብቻ ከሆነ ገዢው ድርጅት ቲን ነምበሩንና የተቀነሰውን 8,000 ብር ጠቅሶ ደረሰኙ የማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ እንዲጽፍ መጠየቅ ይቻላል። ድርጅቱ ገንዘቡን ሲያስገባ በዚያው ቁጥር ስላስገባው ግብር ሰብሳቢው ሲስተም ውስጥ ያገኘዋል። ሠራተኛዋ በቁጥሩ ፈልጋ ታየው ዘንድ መጠየቅ ነው፤ በስም ከፈለገችው Caalaa አይወጣላትም።